በ5 ልኬት ብቻ ሪግሬሽን ስትሠሩ፦ የተለመደው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ይሻላል ወይስ ቤዢያን?

ከኮምቦልቻ ተሳፍሮ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ሹራቡን በእጁ ይዞ ይነሳል። ሐረጎ ላይ ሲደርስ ይለብሰዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። ከፍታ ሲጨምር እንደሚበርድ ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያከራክረው በየ100 ሜትሩ ስንት ዲግሪ ይቀንሳል የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ ሪግሬሽን እንሠራለን። መሥመሩን መሳል ቀላል ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስሎፑ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ የሚታየው ለውጥ፣ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ መናገር አለብን። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ክልል ይቀርብልናል፤ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል እና ክሬዲብል ኢንተርቫል። ሁለቱም "95 በመቶ" የሚል ታርጋ ለጥፈዋል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ልጆች አንዱን አስልተው የሌላውን ትርጉም ይጽፉበታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ አድርጌ መከላከያ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ላይ ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ሁሉንም አማራጮች በእነዚህ 4 ጥያቄዎች እመዝናቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ክልሉ የምትፈልጉትን ጥያቄ ይመልሳል? ሁለተኛ፣ ልኬቱ ጥቂት ሲሆን ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ ስሕተት ከገባ በምን ይታወቃል? አራተኛ፣ ምን ያህል ጊዜና ጉልበት ይጠይቃል? ሶፍትዌሩን ግን ከመመዘኛ አውጥቼዋለሁ። R ነፃ ነው፤ ሁሉንም አማራጮች ይሠራል፤ የሁለቱን ስሌት ደግሞ በስልክ ካልኩሌተርም መጨረስ ይቻላል።

ምሳሌው

አንድ ሰው ቴርሞሜትር ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣ እንበል። 5 ቦታ ላይ ከመኪና ወረደ። በየቦታው ቴርሞሜትሩን ከመኪናው ራቅ አድርጎ ጥላ ውስጥ አንጠለጠለና ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀ። ከሞተሩ አጠገብ ቢለካ የሚያገኘው የሞተሩን ሙቀት ነው። ከታች ያሉትን ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ ብዬ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ።

| ከፍታ (ሜትር) | ሙቀት (ዲግሪ ሴልሺየስ) |
|---|---|
| 1,850 | 25.0 |
| 2,000 | 22.4 |
| 2,150 | 22.6 |
| 2,300 | 21.5 |
| 2,450 | 19.6 |

ሁለተኛውን ልኬት ልብ በሉት። ከሦስተኛው በታች ወርዷል። ደመና ድንገት ሲሸፍን እንዲህ ዓይነት ነገር ያጋጥማል። 5 ልኬት ብቻ ሲኖር አንድ ደመና መሥመሩን ያንገዳግደዋል።

ከፍታውን ከአማካዩ (2,150) ቀንሰን በ100 ሜትር እንከፍለዋለን። `x` የምንለው ያንን ነው።

አማራጭ 1፦ የተለመደው ሪግሬሽን ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ

```
x <- c(-3, -1.5, 0, 1.5, 3)
y <- c(25.0, 22.4, 22.6, 21.5, 19.6)
summary(lm(y ~ x))
confint(lm(y ~ x))
```

ስሎፑ −0.78 ይወጣል። በየ100 ሜትሩ 0.78 ዲግሪ ይቀንሳል ማለት ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ 0.154 ነው። 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ−1.27 እስከ −0.29 ይደርሳል። እንዲህ የሰፋው ልኬቱ 5 ብቻ በመሆኑ ነው። በ1.96 ፋንታ 3.18 ማባዛት ግድ ሆኗል።

አሁን ትርጉሙ። ይህን ሐሳብ በ1937 በወጉ ያቀረበው ጄርዚ ኔይማን ነው። የእሱ 95 በመቶ የሚናገረው ስለ አሠራሩ ነው። 100 ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ያንን መንገድ ወጥተው እየለኩ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክልል ቢያሰሉ፣ ከ100ው ክልሎች 95 ያህሉ እውነተኛውን ስሎፕ ይይዙታል። የእኛ ክልል ከ95ቱ ይሁን ከ5ቱ አናውቅም። ስለዚህ "ስሎፑ ከ−1.27 እስከ −0.29 መካከል የመሆን እድሉ 95 በመቶ ነው" ማለት በዚህ አማራጭ አይፈቀድም። እኔን መከላከያ ላይ ያስቆመኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

ሌላም ነገር አለ። ክልሉ ስለ አየር ምንም አያውቅም። −1.27ን እንደ አንድ ደህና አማራጭ ይዞታል። ደረቅ አየር ወደ ላይ ሲወጣ በየ100 ሜትሩ 0.98 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ካጋለው መሬት አጠገብ ካለው ስስ አየር በስተቀር፣ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት በ600 ሜትር ከፍታ ልዩነት ላይ ማግኘት ይከብዳል። ይህንን እያወቅን ለስሌቱ አልነገርነውም።

አማራጭ 2፦ ቤዢያን፣ ግን ባዶ ፕራየር

ቤዢያን አሠራር ስሙን ያገኘው ከቶማስ ቤይስ ነው። ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1763 ነው። ሐሳቡ ይኼ ነው፦ ከመለካታችን በፊት ስለ ስሎፑ የምናውቀውን በፕሮባቢሊቲ እንገልጻለን፤ ይህ ፕራየር ይባላል። ከዚያ ልኬቱ ሲመጣ እናስተካክለዋለን፤ የተስተካከለው ፖስቴሪየር ይባላል። ከፖስቴሪየሩ መሀል 95 በመቶውን ስንቆርጥ ክሬዲብል ኢንተርቫል እናገኛለን።

"ምንም አላውቅም" ብለን ለሁሉም ስሎፕ እኩል ክብደት ብንሰጥስ? ለኢንተርሴፕቱ እና ለስሕተቱ መጠንም የተለመደውን ባዶ ፕራየር ብንጠቀምስ? የሚወጣው ክልል ከ−1.27 እስከ −0.29 ነው። ቁጥር በቁጥር ያው ራሱ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው "ታዲያ ምን ለየው?" ይላል። የለየው ከቁጥሩ ጋር መናገር የምትችሉት ነገር ነው። አሁን "ይህን ሞዴልና ይህን ፕራየር ከተቀበልን፣ ስሎፑ በዚህ ክልል ውስጥ የመሆን እድሉ 95 በመቶ ነው" ማለት ትችላላችሁ። በአማራጭ 1 የተከለከለችው ዓረፍተ ነገር እዚህ ተፈቀደች። ዋጋዋ ግን አለ። "ምንም አላውቅም" ማለትም አንድ ፕራየር ነው። በየ100 ሜትሩ 50 ዲግሪ መቀነስን ከ0.65 ጋር እኩል ታየዋለህ ማለት ነው። ይህን በልቡ የሚያምን ሰው ኮምቦልቻም ደሴም አይገኝም።

አማራጭ 3፦ ለስለስ ያለ ፕራየር

መሀሉ 0፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1 የሆነ ኖርማል ፕራየር እንውሰድ። "ስሎፑ በየ100 ሜትሩ ከ2 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ ይጨምር ይቀንስ ግን አልፈርድም" እንደማለት ነው። ውጤቱ ብዙም አይለወጥም፤ መሀሉ −0.76 አካባቢ ይሆናል፤ ክልሉም ትንሽ ወደ 0 ይጠጋል። የዚህ ፕራየር ሥራ እብድ ቁጥሮችን ማስወገድ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አያደርግም።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። እሱን ሳላስጠነቅቃችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ፕራየር ያለ መለኪያ ዩኒቱ ትርጉም የለውም። ያንኑ "0 እና 1" ይዛችሁ ከፍታውን በ100 ሜትር ፋንታ በኪሎ ሜትር ብትጽፉ ምን ይሆናል? ልኬቱ የሚለው −7.8 በኪሎ ሜትር ነው፤ ስታንዳርድ ኤረሩም 1.54። ፕራየሩ ግን አሁን "በኪሎ ሜትር ከ2 ዲግሪ አይዘልም" እያለ ነው። በፈጣኑ ቀመር ብታሰሉት ስሎፑ −2.3 ይወጣል። ሶፍትዌሩ ምንም አይናገርም፤ ቀይ ጽሑፍም አይመጣም። ሐረጎ በ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ 2.3 ዲግሪ ብቻ ትቀዘቅዛለች ብሎ ያስረክባችኋል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ፕራየሩን ወረቀት ላይ ከነዩኒቱ በዓረፍተ ነገር ጻፉትና ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

አማራጭ 4፦ እውቀት ያለው ፕራየር

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥቅምም ብዙ አደጋም ያለው እዚህ ነው።

ስለ ስሎፑ ከመለካታችን በፊት ምን እናውቃለን? ዓለም አቀፉ የስታንዳርድ አትሞስፌር ሞዴል በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ቅናሽ ይይዛል፤ በ100 ሜትር 0.65 ማለት ነው። ደረቅ አየር 0.98 ድረስ ይሄዳል፤ እርጥብ አየር ደግሞ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መሀሉ −0.65፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.15 የሆነ ኖርማል ፕራየር እንያዝ። "95 በመቶ እርግጠኛ ነኝ፤ ቅናሹ ከ0.36 እስከ 0.94 ነው" እንደማለት ነው።

ሁለቱን የምናዋህደው በክብደት ነው። የአንድ መረጃ ክብደት 1 ሲካፈል ለስታንዳርድ ኤረሩ ስኩዌር ነው። ጠባብ የሆነው የበለጠ ይመዝናል።

```
b <- -0.78;  se <- 0.154
m0 <- -0.65; s0 <- 0.15
w <- 1/se^2; w0 <- 1/s0^2
m <- (w*b + w0*m0)/(w + w0)
s <- 1/sqrt(w + w0)
m + c(-1.96, 1.96)*s
```

የልኬቱ ክብደት 42 ያህል ነው፤ የፕራየሩ 44። ክብደት እየሰጠን አማካዩን ስንወስድ −0.71 ይወጣል። ክልሉ ከ−0.92 እስከ −0.50 ነው። −1.27 የምትለው ቁጥር ጠፋች።

ይህ ፈጣን ቀመር አንድ ነገር ይደብቃል። ስታንዳርድ ኤረሩን ልክ እንደታወቀ ቁጥር ይዞታል፤ ከ5 ልኬት የተገመተ መሆኑን ረስቷል። ያንን ጨምረን ሙሉውን ስናሰላ ክልሉ ከ−0.92 እስከ −0.48 ይሆናል። እዚህ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ፕራየሩ ጫፎቹን ስለያዘልን። ባዶ ወይም ለስላሳ ፕራየር ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስለዚህ ፈጣኑን ቀመር ለመረዳት ተጠቀሙበት፤ ለጽሑፋችሁ ግን ስሕተቱን አብሮ የሚገምት ፓኬጅ፣ ለምሳሌ `brms`ን ወይም `rstanarm`ን፣ ተጠቀሙ።

አሁን ክብደቶቹን መልሳችሁ እዩ። 5 ልኬት 42 ከመዘነ፣ ፕራየራችን 44 ሲመዝን ሌላ 5 ልኬት ጨመርን ማለት ነው። ሳንሳፈር፣ ሳንለካ አንድ ተጨማሪ ጉዞ አስመዝግበናል። "እውቀቴ ለአንድ ሙሉ ጉዞ ይበቃል ወይ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ለእኔ በዚህ ምሳሌ ይበቃል፤ ፊዚክሱ የቆመበት መሠረት ጠንካራ ነው። ግን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 0.15 በማለት ፋንታ 0.03 ብትሉት ክብደቱ 1,111 ይሆናል። ከ130 ልኬት በላይ እንደማለት ነው። ክልሉም ከ−0.71 እስከ −0.60 ይጠባል። ሲታይ ያምራል፤ ግን 5ቱ ልኬቶች ምንም አልተናገሩም። ያተማችሁት ፕራየራችሁን ነው።

ሌላው አደጋ ፕራየሩ ለቦታው ወይም ለሰዓቱ የማይሆን ሲሆን ነው። ከላይ ያለው እውቀት የቀን አየርን ይመለከታል። ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርድና ሜዳው ላይ ይተኛል። ንጋት ላይ ታችኛው ቦታ ከላይኛው የባሰ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ንጋት ላይ ለክተን ስሎፑ +0.10፣ ስታንዳርድ ኤረሩ ያው 0.154 ወጣ እንበል። ያንኑ ፕራየር ብንጠቀም ፖስቴሪየሩ −0.28 ይሆናል፤ ክልሉ ከ−0.50 እስከ −0.07። እዩት እንግዲህ። ልኬቱ "ይጨምራል" አለ፤ ፕራየሩ "በ0.65 ይቀንሳል" አለ፤ ውጤቱ ሁለቱም ያላሉትን መሀል ቦታ በሙሉ ልብ ይናገራል።

ይህን የምትይዙት በአንድ መስመር ስሌት ነው። በፕራየሩና በልኬቱ መካከል ያለውን ርቀት ውሰዱ። የሁለቱን ስታንዳርድ ኤረሮች ስኩዌር ደምራችሁ ስኩዌር ሩት አውጡ፤ እዚህ 0.215 ነው። ርቀቱን ለዚያ አካፍሉ። ለቀኑ ልኬት 0.13 ለ0.215 ሲካፈል 0.6 ነው፤ ተስማምተዋል። ለንጋቱ 0.75 ለ0.215 ሲካፈል 3.5 ነው፤ ተጣልተዋል። እኔ 2 ካለፈ አላዋህድም። ቆም ብዬ አንዱ ለምን እንደተሳሳተ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ፕራየር አያድንም። ጠዋት 3 ሰዓት ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ እየለካችሁ ብትወጡ፣ በጉዞው ሰዓት ቀኑም እየሞቀ ነው። የቀኑ መሞቅ የከፍታውን ቅዝቃዜ ይሸፍነዋል። ስሎፑ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል፤ ኮንፊደንስም ክሬዲብልም ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። መፍትሔው መንገድ ላይ ነው፤ ስትመለሱም በየቦታው ደግማችሁ ለኩና አማካዩን ውሰዱ።

ጎን ለጎን

| አማራጭ | ስሎፕ | 95% ክልል | ምን ማለት ይፈቀዳል | ዋናው አደጋ | ድካሙ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. የተለመደው | −0.78 | −1.27 እስከ −0.29 | ስለ አሠራሩ ብቻ | ትርጉሙን አዛብቶ መጻፍ | 1 ደቂቃ |
| 2. ባዶ ፕራየር | −0.78 | −1.27 እስከ −0.29 | ስለ ስሎፑ እድል | የማይመስል ቁጥር መቀበል | 1 ደቂቃ፣ ቁጥሩ ያው ነውና |
| 3. ለስላሳ ፕራየር | −0.76 አካባቢ | ከ−1.2 እስከ −0.2 አካባቢ | ስለ ስሎፑ እድል | ዩኒት መሳሳት | ፓኬጅ መጫን |
| 4. እውቀት ያለው ፕራየር | −0.71 | −0.92 እስከ −0.48 | ስለ ስሎፑ እድል | ፕራየሩ ልኬቱን መዋጥ | ፕራየሩን ማስረዳት፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል |

ለማን የቱ?

ልኬታችሁ ብዙ ከሆነ፣ ለምሳሌ ያንኑ መንገድ 10 ጊዜ ወጥታችሁ 50 ልኬት ካላችሁ፣ አማራጭ 1 ይበቃችኋል። የልኬቱ ክብደት ወደ 420 ይደርሳል፤ የፕራየሩ 44 ከጠቅላላው ከ10 በመቶ በታች ይሆናል። ጊዜያችሁን ፕራየር በማስረዳት አታባክኑ።

ልኬታችሁ ጥቂት ሆኖ ስለ ጉዳዩ ጠንካራ እውቀት ካለ አማራጭ 4ን እመክራለሁ። ግን ሁለት ነገር ሳታደርጉ እንዳታስረክቡ። አንደኛ፣ ፕራየሩን ልኬቱን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት። ካዩ በኋላ መጻፍ አንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ሁለተኛ፣ በአማራጭ 1 የወጣውንም ክልል አጠገቡ አስቀምጡ። አንባቢው ፕራየሩ ምን ያህል እንደገፋ በዓይኑ ይየው።

ልኬታችሁም እውቀታችሁም ጥቂት ከሆነ አማራጭ 3ን ያዙ። ሰፊ ክልል ሲወጣ አትፈሩ፤ ልክ ነው፤ አታውቁምና። አማራጭ 2ን ለመማሪያ እወደዋለሁ፤ ለሥራ ግን ከ3 የሚበልጥበት ቦታ አላገኘሁም።

ጊዜውም ገንዘቡም ካጠራችሁ፣ ለሌላ ጉዞ የሚኒባስ ሒሳብ ከመክፈል በፊት ቴርሞሜትሩ ጥላ ውስጥ የሚረጋበትን ጊዜ አስረዝሙ። በየልኬቱ ያለው ስሕተት በግማሽ ቢቀንስ የልኬቱ ክብደት 4 እጥፍ ይሆናል። 5ቱ ልኬት እንደ 20 ይቆጠራል።

በጽሑፋችሁ ውስጥ የሚገባው ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንደዚህ ነው። በአማራጭ 1፦ "ስሎፑ በ100 ሜትር −0.78 ዲግሪ ተገምቷል (95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ−1.27 እስከ −0.29)።" እዚያው ነጥብ አድርጉ። በአማራጭ 4፦ "መሀሉ −0.65፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.15 የሆነ ኖርማል ፕራየር በመያዝ፣ ስሎፑ በ100 ሜትር ከ−0.92 እስከ −0.48 ዲግሪ መካከል የመሆን እድሉ 95 በመቶ ነው፤ ልኬቱ የተወሰደው በቀን ነው።" የመጨረሻዋን ሐረግ አትርሷት። ንጋት ላይ የለካ ሰው ቁጥራችሁን ወስዶ እንዳይሳሳት የምትጠብቀው እሷ ናት።